በባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ የት ነው ያለው? ብድር ገንዘብን የሚፈጥርበት መንገድና ገንዘብ ለማውጣት የሚደረግ ሽሚያ መንስኤ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ይኸው ባንክ ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ በ2022 መጨረሻ፣ 209 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጠቅላላ ሀብት ነበረው። ይህን ያህል ሀብት ያለው ተቋም በሁለት ቀን ውስጥ እንዴት ሊዘጋ ቻለ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ፣ ገንዘባችንን ወደ ባንክ ስናስገባ ምን እንደሚሆን ከመሠረቱ መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የባንክ ተጠቃሚ የሆኑ ዜጎች ይህንኑ አሠራር እንዲያውቁ ነው።

ተቀማጭ ገንዘብ አደራ ሳይሆን ዕዳ ነው

ብዙ ሰው ባንክን እንደ አደራ ጠባቂ ይመለከተዋል። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ዕቃ ሳይነካ አቆይቶ ያንኑ ዕቃ ይመልሳል። የባንክ ተቀማጭ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ደንበኛው ጥሬ ብሩን በመስኮት ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ብሩ የባንኩ ንብረት ይሆናል፤ ደንበኛው በምትኩ የሚያገኘው በጠየቀ ጊዜ ያንኑ መጠን እንዲከፈለው የሚያስችል መብት ነው። በደብተሩ ወይም በስልኩ ላይ የሚያየው አኃዝ ባንኩ ለእርሱ ያለበትን ዕዳ የሚያሳይ ነው። ይህ የዕዳ ሰነድ በቼክ፣ በካርድ ወይም በሞባይል ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል ሕዝቡ እንደ ገንዘብ ይጠቀምበታል። ዛሬ በአብዛኞቹ አገሮች ከታተመው ብርና ሳንቲም ይልቅ እጅግ የሚበልጠው የገንዘብ ክፍል ይኸው በሂሳብ ላይ የተመዘገበው ነው።

ብድር አዲስ ገንዘብ የሚሆንበት መንገድ

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ባንክ ከደንበኞቹ 10 ሚሊዮን ብር በጥሬ ገንዘብ ተቀበለ እንበል። ከተቀማጩ አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ብር፣ በመጠባበቂያነት እንዲይዝ ይገደዳል ብለንም እንውሰድ። ባንኩ ቀሪውን 9 ሚሊዮን ብር ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ ያበድራል። ብድሩ ሲጸድቅ ባንኩ ብሩን በከረጢት አያስረክብም፤ በፋብሪካው ሂሳብ ላይ 9 ሚሊዮን ብር ይመዘግባል። በዚያች ቅጽበት የደንበኞች ተቀማጭ 19 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ቀድሞ ካስቀመጡት ደንበኞች የአንዳቸውም ሂሳብ አልተቀነሰም። አዲሱ 9 ሚሊዮን ብር ከማንም ኪስ አልወጣም፤ የተፈጠረው በብድር ውሉ ነው።

ፋብሪካው ገንዘቡን ለማሽን አስመጪ ይከፍላል። አስመጪው ሂሳብ ያለው በሌላ ባንክ ከሆነ፣ ክፍያው በማዕከላዊ ባንክ በኩል ይተላለፋል፤ የመጀመሪያው ባንክ መጠባበቂያ በ9 ሚሊዮን ብር ይቀንሳል፣ የሁለተኛው በዚያው መጠን ይጨምራል። አሁን በመጀመሪያው ባንክ የቀረው 1 ሚሊዮን ብር መጠባበቂያና ከፋብሪካው የሚሰበስበው የ9 ሚሊዮን ብር ብድር ነው። ሁለተኛው ባንክ በበኩሉ ከመጣለት ገንዘብ 900 ሺህ ብር ይዞ 8 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ማበደር ይችላል። ሂደቱ በዚህ ሁኔታ እያነሰ ሲቀጥል፣ ከመነሻው 10 ሚሊዮን ብር በመላው የባንክ ሥርዓት እስከ 100 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ተቀማጭ ሊፈጠር ይችላል።

ይህ አኃዝ ጣሪያ እንጂ ሁልጊዜ የሚደረስበት መጠን አይደለም። ሕዝቡ የተወሰነውን ገንዘብ በእጁ ይይዛል፤ ባንኮችም አስተማማኝ ተበዳሪ ሲያጡ ከሚጠበቅባቸው በላይ መጠባበቂያ ያከማቻሉ። በሌላ በኩል ባንኮች ሁልጊዜ ተቀማጭ እስኪመጣ ጠብቀው አያበድሩም። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 ባወጣው ማብራሪያ እንዳመለከተው፣ በተግባር ብዙውን ጊዜ ብድሩ ይቀድማል፤ መጠባበቂያው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። ብድሩን የሚገድቡት የባለአክሲዮኖች ካፒታል፣ የወለድ ተመንና የተበዳሪው የመክፈል አቅም ናቸው። ብድር ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፋብሪካው ከሂሳቡ ሲከፍል ተቀማጩም ብድሩም አብረው ይቀንሳሉ፣ የተፈጠረውም ገንዘብ ይጠፋል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነበት ምክንያትም ከዚህ አንጻር ግልጽ ይሆናል። የዋጋ ንረትን ለመቀነስ የባንኮችን ብድር መገደብ ያስፈለገው፣ እያንዳንዱ አዲስ ብድር በገበያው ውስጥ አዲስ ገንዘብ ስለሚሆን ነው። ጣሪያው ከዚያ በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል።

ሽሚያው ለምን ይከሰታል?

በምሳሌያችን የመጀመሪያው ባንክ ለደንበኞቹ 10 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት፤ በእጁ ያለው ግን 1 ሚሊዮን ብር ነው። በተለመደው ቀን ይህ ችግር አይፈጥርም፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ያስገባል። ደንበኞቹ ከጠቅላላው ተቀማጭ ከአንድ አሥረኛ በላይ በአንድ ቀን ከጠየቁ ግን ባንኩ የሚከፍለው ያጣል። የዱቄት ፋብሪካው ብድር ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአምስት ዓመት የሚከፈል ብድር ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ አይመጣም። ባንኩ ብድሩን ለሌላ ለመሸጥ ቢሞክርም፣ በጥድፊያ የሚሸጥ ንብረት ከዋጋው በታች ይሸጣል። እንዲህ በማድረጉ መጀመሪያ ያልነበረ ኪሳራ ይደርስበታል።

ሁኔታውን የሚያከፋው የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ የደረሰ ሙሉ ገንዘቡን ይወስዳል፤ የዘገየ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ባንኩ ጤናማ መሆኑን የሚያምን ሰው እንኳ ሌሎች ሊያወጡ ነው ብሎ ከሰጋ፣ ቀድሞ መሄድ ለራሱ የሚጠቅመው ይሆናል። ሁሉም በዚህ መንገድ ሲያስብ ወሬው ራሱን እውነት ያደርጋል። ዳግላስ ዳይመንድና ፊሊፕ ዲብቪግ የተባሉ ምሁራን ይህንን በ1983 በሒሳባዊ ቀመር አሳይተዋል፤ በ2022ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች መካከል ነበሩ።

የሲሊከን ቫሊ ባንክ ሁለት ቀናት

የዚህ ባንክ ደንበኞች በአብዛኛው አዳዲስ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ። በ2020 እና በ2021 ወደነዚህ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ ሲጎርፍ የባንኩ ተቀማጭ በሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። ባንኩ ከዚህ ገንዘብ አብዛኛውን ረጅም ዓመታት በሚቆዩና አነስተኛ ወለድ በሚከፍሉ ቦንዶች ላይ አዋለው። ቦንዶቹ በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፉ በመሆናቸው ዋናው ገንዘብ ይጠፋል የሚል ሥጋት አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከወለድ ተመን ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የዋጋ ንረትን ለመግታት ተመኑን ከዜሮ አቅራቢያ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4.5 በመቶ በላይ አደረሰው። በዓመት 15 ዶላር የሚከፍል የ1000 ዶላር ቦንድ ያለው ሰው፣ አዲሱ ቦንድ 45 ዶላር የሚከፍል ከሆነ አሮጌውን በ1000 ዶላር የሚገዛው አያገኝም። የባንኩ ቦንዶችም ዋጋ በዚሁ ምክንያት ወረደ። እስኪበስሉ ቢጠብቅ ሙሉውን ያገኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለሥራ ማስኬጃ እያወጡ ስለነበር የመጠበቅ አቅሙ እየተመናመነ ሄደ።

መጋቢት 8 ቀን ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ ቦንዶችን መሸጡን፣ በሽያጩም 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩንና 2.25 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ካፒታል ለማሰባሰብ ማቀዱን አስታወቀ። መግለጫው ሊያረጋጋ ታስቦ ሥጋትን አባባሰ። በማግስቱ 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ለሚቀጥለው ቀን ደግሞ ተጨማሪ 100 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ ተጠየቀ። መጋቢት 10 ቀን የግዛቱ ተቆጣጣሪ ባንኩን ዘጋው። በደንበኞች መካከል ወሬው የተዛመተው በስልክ መልእክት ነበር፤ ገንዘቡም የወጣው በስልክና በኮምፒውተር ስለነበር፣ ቀድሞ ቀናትን ይወስድ የነበረው ሽሚያ በሰዓታት ተጠናቀቀ።

ሽሚያው ይህን ያህል የበረታበት ዋና ምክንያት ከባንኩ ተቀማጭ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድን ሽፋን ውጪ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የተቀማጭ መድን ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፤ የኩባንያዎቹ ሂሳብ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነበር። ሽሚያው ወደ ሌሎች ባንኮች እንዳይዛመት መንግሥት መጋቢት 12 ቀን የሁሉም አስቀማጮች ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈል አስታወቀ። ባለአክሲዮኖቹ ግን ጥበቃ አልተደረገላቸውም።

አስቀማጩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከዚህ ክስተት ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ሀብቱ ከዕዳው የሚበልጥ ባንክ ለጊዜው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ሲገጥመው ነው። ይህንን ማዕከላዊ ባንክ መያዣ ተቀብሎ በማበደር ያቃልለዋል። ሁለተኛው የባንኩ ሀብት ራሱ ዋጋ ሲያጣ ነው፤ ይህንን የሚሸከመው ካፒታል ነው፣ ካፒታሉ ካለቀም ብድር አያድነውም። የግዴታ መጠባበቂያ ለመጀመሪያው ሕመም በከፊል ይረዳል፤ ለሁለተኛው ግን መድኃኒት አይሆንም።

በኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የተቋቋመ ሲሆን፣ ፈንዱ ሥራ ሲጀምር የተወሰነው የሽፋን ጣሪያ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ 100 ሺህ ብር ነው። ገንዘቡ ከዚህ ጣሪያ በታች የሆነ አስቀማጭ ወሬ በሰማ ቁጥር ወደ ባንክ ለመሮጥ የሚያበቃ ምክንያት አይኖረውም። ከጣሪያው በላይ ያለው ግን ባንኩ በየዓመቱ በሚያወጣው በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት ላይ የካፒታሉን መጠንና የማይመለሱ ብድሮችን ድርሻ ቢመለከት ይጠቀማል። ከሌሎች ባንኮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ የተቀማጭ ወለድ የሚያቀርብ ባንክ ጥሬ ገንዘብ አጥብቆ የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንጻሩ የኔትወርክ መቋረጥ ወይም የገንዘብ መክፈያ ማሽን ለሰዓታት መቆም ብቻውን የባንኩን የመክፈል አቅም አያመለክትም። የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ደግሞ አስቀማጭ ሳይሆን ባለቤት ስለሆነ፣ ባንኩ ሲከስር መጀመሪያ የሚነካው የእርሱ ገንዘብ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ባንክ በማንኛውም ሰዓት ሊጠየቅ በሚችል ገንዘብ ለዓመታት የሚቆይ ብድር ይሰጣል። የዱቄት ፋብሪካው ማሽን የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሽሚያው አደጋም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ቁጥጥሩና መድኑ አደጋውን ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም፤ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው መንገድ ባንኮች ጨርሶ እንዳያበድሩ መከልከል ብቻ ነው።