እማዬ «ngl»ን «ነገ ልምጣ» ብላ አነበበችው

ባለፈው እሑድ እማዬ ከሁሩሙ ደወለችልኝ። ድምጿ ደህና አልነበረም። «ወንድምሽ ትምህርቱን ጥሎ ሊመጣ ነው፤ የመሳፈሪያ ልላክለት ወይስ ልቆጣው?» አለችኝ። ማን እንደነገራት ስጠይቃት «ራሱ ቴሌግራም ላይ ጽፎታል» አለች። የቤተሰብ ግሩፓችንን ከፈትኩ። ዩኒቨርሲቲ ያለው ታናሽ ወንድሜ የጻፈው ይቺን ነበር፦

«ngl ፈተናው አልሆነልኝም fr. ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ሌላ ምዕራፍ smh»

እማዬ ደግሞ «ነገ ልምጣ፣ ፈተናው አልሆነልኝም፣ ፈራሁ» ብላ አነበበችው። smh «ስምህ» ሆኖባት የማን ስም እንደሆነ ግራ ገብቷታል።

ሳቄ መጣ፤ ግን እንዲህ ማንበብ ያስተማርናት እኛው ነን። slm ሰላም፣ nw ነው መሆኑን ያሳየናት እኛ ነን። እሷም ባወቀችው ደንብ ክፍተቱን በአናባቢ ሞላችው።

ያ ደንብ የመጣው ከሒሳብ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን አማርኛውን በላቲን ጻፍን፣ እሱንም አሳጠርን። ቴሌግራም ላይ ይኼ ገደብ የለም፤ ልማዱ ግን ቀረ። አሁን ደግሞ የእንግሊዝኞቹ አጭር ቃላት ተቀላቀሉበትና ሁለት ዓይነት ምህጻር በአንድ መስመር ላይ ተገናኙ።

ልዩነቱን ለእማዬ ያስረዳኋት በራሷ ምሳሌ ነው። «ዓ.ም. ስትዪ እያንዳንዷ ፊደል የአንድ ቃል መጀመሪያ ናት አይደል? ngl፣ smh እና fr እንደዚያ ናቸው። nw ግን አንድ ቃል ሆኖ አናባቢው የተዘለለ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት።

ngl «ኖት ጎና ላይ» ነው፤ የእኛው «ሳልዋሽ» ወይም «እውነቱን ለመናገር»። ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይመጣል፤ ከኋላው ለመናገር የሚከብድ ወይም ሰው ያልጠበቀው ነገር ይከተላል። fr «ፎር ሪል» ነው፤ መጨረሻ ላይ ሲሆን «የምሬን ነው»፣ ብቻውን ከጥያቄ ምልክት ጋር ሲሆን «ከምር?»። smh «ሼኪንግ ማይ ሄድ»፣ ማለትም ራስን መነቅነቅ። እማዬ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ራሷን እየነቀነቀች «ወይ ጉድ» የምትለው ነገር ነው። በራስም ላይ ይባላል፤ ወንድሜም ያለው በራሱ ላይ ነው።

እንግዲህ መልእክቱ በእማዬ ቋንቋ ይኼን ይመስላል፦ «ሳልዋሽ፣ ፈተናው አልሆነልኝም፣ የምሬን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ሌላ ምዕራፍ። ወይ እኔ!»

«እንዴት ነው የምለየው ታዲያ?» አለችኝ። አንድ ዘዴ ሰጠኋት። ያልገባትን ምህጻር በጣቷ ሸፍና ቀሪውን ታንብብ። «ዛሬ ፈተና nw» ላይ nwን ብትሸፍን ዓረፍተ ነገሩ ይንጠለጠላል፤ የአማርኛው ቃል ነበር ማለት ነው። ngl እና fr ሲሸፈኑ ግን «ፈተናው አልሆነልኝም» ሙሉ ሆኖ ይቆማል። የሚጎድለው ስሜቱ ብቻ ነው። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ «fr?» ብቻውን ሲመጣ የሚሸፈን እንጂ የሚቀር ነገር የለውም። ያኔ መጠየቅ ነው።

እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ አይመጣም። ግን ፈርቷል አይደል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ መልእክቱን ያየሁት ከእሷ አስቀድሜ ነው፤ ሦስቱንም ምህጻር በትክክል አንብቤ፣ የሳቅ ኢሞጂ አድርጌ አልፌዋለሁ። ngl ብሎ የጀመረ ሰው የሚከብደውን እየተናገረ እንደሆነ እያወቅኩ፣ smhዋ ቀልድ አስመሰለችብኝ። እማዬ ማታውን ደወለችለት። አንድ ሰዓት ገደማ አወሩ። ፈርቶ ነበር፤ ለሁለት ቀን በደንብ አልበላም።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና በዚያው ልጨርስ። ድሮ ስናሳጥር ብር እናተርፍ ነበር። ዛሬ የምናተርፈው ሁለት ሦስት ንክኪ ነው፤ ኪሳራውን የሚከፍለው አንባቢው ነው፤ ለጓደኛ ምንም፣ ለእናት ግን አንድ ሌሊት እንቅልፍ። ከጓደኛ ጋር እንደ ልባችሁ ጻፉ፤ እኔም እጽፋለሁ። እናታችሁ ያለችበት ግሩፕ ላይ ግን፣ ነገሩ የምር ከሆነ፣ «የምሬን ነው» ብላችሁ ጻፉት።