ማሳሰቢያ፦ ዙር ሲቀነስ የጠረጴዛው ፊድ አብሮ አይቀንስም

ለሚሊንግ ማሽን ሠራተኞች፣ ለወርክሾፕ ኃላፊዎችና ለሙያ ሰልጣኞች በሙሉ

ይህ ማሳሰቢያ በኢንድ ሚል ብረት የሚቆርጡትን ሁሉ ይመለከታል፤ ከቶርኖ ወደ ሚሊንግ የተሻገሩትን ደግሞ በተለይ። ቶርኖ ላይ ፊድ የሚሰጠው በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እየተባለ ነው። ማርሹ ከስፒንድሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዙር ሲቀነስ የመቁረጫው ጉዞም ራሱ ይቀንሳል። በብዙ ሚሊንግ ማሽን ላይ ግን የጠረጴዛው ፊድ የሚሞላው በደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር ተብሎ ነው። ስፒንድሉ በ800ም ሆነ በ400 ዙር ቢሽከረከር፣ ጠረጴዛው ሥራውን በተሞላለት ፍጥነት ወደ መቁረጫው መግፋቱን ይቀጥላል።

መቁረጫው መቻል አለመቻሉን ከሚወስኑት ዋነኛው አንድ ጥርስ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ፍቅፋቂ ውፍረት ነው። ትክክለኛው የጠረጴዛ ፊድ የሚገኘውም ይህን የጥርስ ንክሻ በጥርሶቹ ብዛትና በደቂቃ ዙሩ በማባዛት ነው፦

```
F = fz × z × n
```

`F` የጠረጴዛው ፊድ በሚሊ ሜትር በደቂቃ፣ `fz` የአንድ ጥርስ ንክሻ በሚሊ ሜትር፣ `z` የጥርስ ብዛት፣ `n` የስፒንድሉ ዙር በደቂቃ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር ስሌቱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ሳይሠራ ሲቀር የሚሆነውን በአንድ ሥራ ላይ እንይ። አንድ ሠራተኛ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ጥርስ የሃይ ስፒድ ስቲል ኢንድ ሚል አስሮ የለስላሳ ብረት ጎን እያስተካከለ ነው። የመቁረጫ ፍጥነቱን በደቂቃ 25 ሜትር ቢይዝ ስፒንድሉ ወደ 800 ዙር ይደርሳል። ለአንድ ጥርስ 0.04 ሚሊ ሜትር ሲሰጥ 0.04 × 4 × 800 = 128 ይሆንና ማሽኑ ላይ ካሉት ደረጃዎች 125ን ይመርጣል። ሥራው ያለ ችግር ይሄዳል።

ቀጥሎ እዚያው ብረት ላይ ቦይ ማውጣት ይፈልጋል። ወደ ብረቱ በቀጥታ ለመግባት እንዲመቸው ባለ 2 ጥርሱን ያስራል፤ ዲያሜትሩ ያው 10፣ ዙሩም ያው 800 ነው። ሁሉም ነገር ያው ስለመሰለው ፊዱን በ125 ላይ ይተወዋል። አሁን ግን 125ን የሚካፈሉት ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ንክሻ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ማለትም የታሰበው እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ቦይ ሲወጣ መቁረጫው በሙሉ ወርዱ ብረት ውስጥ ስለሚገባ ጫናው ከጎን ሥራው ይብሳል። ማሽኑ ያጓራል፣ ሞርሳው ይንቀጠቀጣል።

አደገኛው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ድምፁን ሲሰማ «ፈጠነበት» ይልና ስፒንድሉን ወደ 400 ያወርዳል። ፊዱ ግን አሁንም 125 ነው። 125ን ለ2 ጥርስና ለ400 ዙር ስናካፍል የአንዱ ጥርስ ንክሻ 0.16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የመነሻው አራት እጥፍ ማለት ነው። ለማዳን ያደረገው ነገር መቁረጫውን ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ቁራጭም ወደ ፊትና ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። ማድረግ የነበረበት ባለ 2 ጥርሱን ባሰረበት ቅጽበት ፊዱን ወደ 64፣ በማሽኑ ደረጃ ወደ 63 ማውረድ ነበር።

ስለዚህ ማሽኑ ሲያጓራ መጀመሪያ የሚነካው ፊዱ ነው። ፊዱን ፍቱት፣ መቁረጫው ከብረቱ ይላቀቅ፣ ከዚያ ስፒንድሉን አቁሙ። ፊዱ እየሄደ ስፒንድሉን ማቆም የማይዞር ጥርስ ላይ ብረት መግፋት ነው።

ፊዱን ያለ ልክ ማሳነስም መድኃኒት አይደለም። የመቁረጫ ጥርስ ምንም ቢሳል ጫፉ በትንሹ ድቡልቡል ነው። ንክሻው ከዚያ ድቡልቡልነት ካነሰ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ይፈትገዋል። በአይዝጌ ብረት ላይ በ475 ዙር የሚዞር ባለ 4 ጥርስ መቁረጫ በደቂቃ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰጠው፣ ለአንድ ጥርስ የሚደርሰው 0.005 ሚሊ ሜትር ነው። የተፈተገው አይዝጌ ላዩ ይጠነክራል፣ ቀጣዩ ጥርስ የጠነከረውን ያገኛል፣ መቁረጫውም ይግልና ይደንዛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ፣ የሚያብረቀርቅ የተወለወለ ገጽ፣ በፍቅፋቂ ፈንታ ዱቄት የመሰለ ብናኝ።

ሲኤንሲ ላይ የምትሠሩም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ፕሮግራሙ በ`G94` ከሆነ ፊዱ በደቂቃ ነው፤ የስፒንድሉን ኦቨርራይድ ወደ 50 በመቶ ብታዞሩት `F` ባለበት ይቆያል፣ የጥርሱ ንክሻ ግን እጥፍ ይሆናል። `G95` ፊዱን ከዙሩ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሆኖም የሚቆጥረው ዙርን ነው እንጂ ጥርስን አይደለም። ባለ 4ን በባለ 2 ስትተኩ ቁጥሩን የማስተካከል ሥራ አሁንም የእናንተ ነው።

መብራት መጥቶ በሚሄድበት ወርክሾፕ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቱሬት ሚሊንግ ማሽን ላይ በኋላ የሚገጠም፣ ለብቻው ከሶኬት የሚሠራ የጠረጴዛ ፊድ አለ። መብራት ሲመለስ ስፒንድሉ በማስነሻው ምክንያት ቆሞ ሊቀር፣ ፊዱ ግን ማንሻው እንደገባ ስለተተወ ብቻውን ሊነሳ ይችላል። ያኔ ዙሩ ዜሮ ነው፤ ለዜሮ ዙር የሚሆን ፊድም ዜሮ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የፊዱን ማንሻ ወደ መሐል መልሱ፤ የፊዱን ሶኬትም ንቀሉ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተለው ይፈጸም፦

1. መቁረጫ ከመታሰሩ በፊት ጥርሱ ይቆጠር። ዲያሜትሩ ስለተመሳሰለ የቀድሞው ፊድ አይወሰድ።
2. ዙር ሲቀየር ፊዱ በዚያው መጠን ይቀየር። ዙሩ በግማሽ ከወረደ ፊዱም በግማሽ ይውረድ።
3. የንክሻው መነሻ ከመቁረጫው አምራች ሠንጠረዥ ይወሰድ። ሠንጠረዡ ለአጭርና ለጠንካራ አያያዝ የተዘጋጀ ነው፤ መቁረጫው ረዝሞ ከወጣ ወይም ሥራው ቀጭን ከሆነ ከዚያ በታች ይጀመር።
4. የጠረጴዛው ስክሩ ልቅ የሆነበት አሮጌ ማሽን ላይ ፊዱ ከጥርሱ አዟዟር በተቃራኒ ይሁን። በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ጥርሱ ጠረጴዛውን በልቅነቱ ልክ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ያሰላችሁት ንክሻም ትርጉም ያጣል።
5. የወርክሾፕ ኃላፊዎች በሥራ ካርዱ ላይ ከዙሩና ከፊዱ ጎን የጥርስ ብዛትን ያስጽፉ። የጥርስ ብዛት ያልተጻፈበት የፊድ ቁጥር ለሚቀጥለው ተረኛ አይተላለፍ።
6. መነጽር ሳያደርግ ማንም ሰው ፊድ አያስገባ።