የቪትዟ አምስት ኮከብ የት ቀረ?

ከቆቦ ወልድያ፣ ከቆቦ አላማጣ ቤተሰቡን ይዞ ለመመላለስ መኪና የሚፈልግ ሰው፣ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ብዙ ጊዜ ምርጫው ቪትዝ ወይም ያሪስ ላይ ያርፋል። ደላላውም «በአውሮፓ ተፈትና አምስት ኮከብ ያገኘች ናት» ይለዋል። አልዋሸም። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የፈተና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ያሪስን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጭቶ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ ሰጥቷታል።

ኮከቡ ግን የስም አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣች የተፈተነችው መኪና ነው። ቪትዝ ደግሞ ያሪስ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በጃፓን ገበያ ትሸጥበት የነበረው ስም ነው፤ በጃፓን መሪው በቀኝ ነው። እኛ አገር መሪዋ በግራ የሆነች እውነተኛ ቪትዝ ካለች፣ መሪዋ በሰው እጅ ተዛውሯል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ዳሽቦርዱ ይወልቃል፣ የመሪው ዘንግ ይዛወራል፣ የኤርባጉ ገመድ ይነካካል። ዳሽቦርዱ ውስጥ የነበረው የተሳፋሪ ኤርባግ ተመልሶ መግባቱን ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንዲህ የተነካካች መኪና በማንም አልተፈተነችም፤ ኮከብም የላትም።

ገዢው ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ያዙር። የኤርባጉ ቀይ መብራት በርቶ ከስድስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ብቻውን መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ሦስተኛው ተንኮል የረቀቀ ነው፦ መብራቱ ከዘይት መብራት ጋር ይገናኝና ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሻጩ ቶሎ ብሎ ሞተር እንዳያስነሳ መከልከል ያስፈልጋል።

ይህ ፈተና ቢታለፍም ኮከቡ ሁሉን አይሸፍንም። የፊት ለፊት ግጭቱ ውጤት የሚናገረው ተመጣጣኝ ክብደት ካለው መኪና ጋር ስለመጋጨት ነው። የራያ ሜዳ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ፊት ለፊት ቢመጣ ያ ውጤት ብዙም አይረዳም። የ2005ቱን አምስት ኮከብም ከዛሬው ጋር ማስተያየት አይቻልም። ያን ዓመት አምስት ኮከብ ያገኘችው ፊያት ፑንቶ በ2017 እንደገና ስትፈተን ዜሮ አግኝታለች። መኪናዋ አልተለወጠችም፤ መመዘኛው ግን ከፍ ብሏል።

እንግዲህ ውስን ገንዘብ ላለው አባወራ የሚያዋጣው፣ ሞዴሏ ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ከፋብሪካው በግራ መሪ የወጣች ያሪስ ናት። ከኋላ ወንበር ልጆቹ የሚታሠሩባቸው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶዎች ተስበው በደንብ መቆለፋቸውንም ይይ። አዲስ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ላይ የሚጨመረው ብር በግጭት ጊዜ ማንንም አያድንም።