ትርፍን የሚቀድም ሦስት በመቶ

የ920,000 ብር ኢንቮይስ አስገብቶ 896,000 ብር በባንክ ሒሳቡ የገባለት አቅራቢ ቀሪው 24,000 ብር የት እንደደረሰ ብዙ አይጠይቅም። «ዊዝሆልዲንግ ነው» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ከሳሪስ ቁልቁል በቃሊቲ በኩል እስከ አቃቂ በሚዘልቀው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ላሜራው፣ ፌሮው፣ ካርቶኑና የማሽን ዘይቱ በየዕለቱ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይገባል፤ ሒሳቡም እንዲሁ እየተቆረጠ ይከፈላል። ግብር በቅድሚያ መያዙን አልቃወምም። ቅር የሚለኝ ሕጉ ዕቃ የሚያቀርበውንና አገልግሎት የሚሰጠውን በአንድ መቶኛ መመዘኑ ነው። የሁለቱ የትርፍ ልክ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ተቀናሹ የሚሰላው ግን ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከሽያጭ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቃቂ ለሚገኝ ፋብሪካ የ800,000 ብር ላሜራ ያቀርባል እንበል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት 120,000 ብር ሲጨመር ኢንቮይሱ 920,000 ይሆናል። ገዢው ተቀናሹን የሚያሰላው ቫት ከመደመሩ በፊት ካለው ዋጋ ነው፤ የ800,000 ብር ሦስት በመቶ 24,000 ብር ይሆናል፣ ለአቅራቢውም የተጣራ 896,000 ብር ይከፈላል። ብዙ ሒሳብ ክፍል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት በመቶውን ከ920,000 ላይ ያሰላ ሰው 27,600 ብር ይቆርጣል፣ ማለትም በቫት ላይ ሳይቀር ተቀናሽ ይይዛል። ስህተቱን ለመለየት የተቆረጠውን ብር ለሦስት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ይበቃል፤ የሚመጣው ቁጥር ቫትን የሚጨምር ከሆነ 3,600 ብር ያለአግባብ ተይዟል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከገባው 896,000 ብር ውስጥ 120,000ው ለገቢዎች የሚያስታውቀው የቫት ገንዘብ ነው፤ አቅራቢው በግዢ የከፈለውን ቫት አቻችሎ ልዩነቱን ያስገባል። ስለዚህ ለራሱ ሥራ የቀረው 776,000 ብር ነው።

ላሜራውን በ760,000 ብር ገዝቶት ቢሆንና ለጭነት፣ ለማራገፊያ፣ ለመጋዘንና ለሠራተኛ 16,000 ብር ቢያወጣ ትርፉ 24,000 ብር ይሆናል። ይህ በትክክል የተያዘበት ብር ነው። የማኅበር የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ በዚህ ትርፍ ላይ ሊከፍል የሚገባው 7,200 ብር ነበር፤ በእጁ የሚገባው ግን ከወጪው ሳንቲም የማይበልጥ ነው። ሦስት በመቶ ከሽያጭ ላይ መያዝ፣ 30 በመቶ ከትርፍ ላይ ከሚከፈለው ጋር እኩል የሚሆነው ትርፉ የሽያጩን አሥር በመቶ ሲደርስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያተረፈ ሁሉ ከግብሩ በላይ ተይዞበታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ተቀናሹን ሁለት በመቶ ሲያደርገው ይህ ልክ 6.7 በመቶ ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ወደ ሦስት ሲያሳድገው ልኩ አሥር ደረሰ። አንድ ነጥብ ብቻ የተጨመረ ይመስላል፤ ነጋዴው ሊያተርፍ ይገባዋል ተብሎ የተገመተው ግን በግማሽ ዘሏል። በብረትና በሲሚንቶ ንግድ፣ በተለይ በጨረታ ለሚያቀርብ፣ የተጣራ አሥር በመቶ ብርቅ ነው። አማካሪ መሐንዲስ ወይም የሕግ ባለሙያ ግን ዕቃ ገዝቶ አይሸጥም፤ ከክፍያው ሰፊው ክፍል ገቢው ስለሆነ ሦስት በመቶው ከሚጠብቀው ግብር ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሕጉ ይህን ልዩነት አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ ተቀናሹ የሚጀምርበትን ወለል ለየብቻ አድርጎታል። ቀድሞ ዕቃ ከ10,000 ብር፣ አገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ሲሆን ይያዝ ነበር፤ በማሻሻያው 20,000 እና 10,000 ብር ሆነዋል። ዕቃ ብዙ ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስና ትርፉ ስስ እንደሆነ ወለሉን የወሰነው ሰው ገብቶታል፤ መቶኛው ላይ ሲደርስ ግን ረስቶታል። በነገራችን ላይ ወለሉ ኢንቮይስን በመሰነጣጠቅ የሚታለፍ የሚመስላቸው አሉ። አዋጁ የሚለው «በአንድ ግብይት ወይም በአንድ የአቅርቦት ውል» ነው፤ በአንድ ውል ስድስት ጊዜ የ18,000 ብር ዕቃ ያስገባ አቅራቢ ከወለሉ በላይ ነው። ያልቀነሰው ገዢ ደግሞ ግብሩን ከራሱ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ነገር ሊያነሳ ይችላል። ያው የ2017ቱ ማሻሻያ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚባል አስገብቷል፤ የትርፍ ግብሩ ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ 2.5 በመቶው ይከፈላል። በምሳሌያችን 20,000 ብር ማለት ነው፤ ስለዚህ በትርፍነት የተያዘው 16,800 ብር መሆኑ ቀርቶ 4,000 ብር ብቻ ነው ሊባል ይችላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ክፍተቱ የጠበበው ግን ተቀናሹ ወርዶ ሳይሆን ግብሩ ወደ ተቀናሹ ወጥቶ ነው። ከ24,000 ብር ትርፍ 20,000 ብር ግብር መክፈል ራሱን የቻለ ሌላ ሙግት ስለሆነ ለጊዜው ልተወው። ቢሆንም 4,000 ብሩ ይቀራል፣ ጊዜውም ይቀራል።

ጊዜው ነው እንግዲህ ብዙ ሰው የማያሰላው። የተያዘው ብር የአቅራቢው ቅድመ ክፍያ ነው፤ የሚታሰብለት ዓመታዊ ግብሩን ሲያስታውቅ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል። ነሐሴ ውስጥ የተሸጠ ላሜራ ግብሩ የሚታሰበው ከቀጣዩ ዓመት ሰኔ በኋላ ስለሆነ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለጠበቀ ሰው 24,000ው ወደ 14 ወር ገደማ ከእጁ ውጭ ይቆያል። ትንሽ መሥሪያ ካፒታል ይዞ የሚያዞር አቅራቢ በዓመት አሥር ጊዜ የሚሸጥ ከሆነ ይህ አሥር ጊዜ ይደጋገማል፤ ዓመቱ ሳያልቅ 240,000 ብሩ ተይዟል፣ እሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ዕቃ ከባንክ ወይም ከዘመድ ይበደራል። ዕቃውን ራሱ ከውጭ ያስገባው ነጋዴ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይያዝበታል። መጀመሪያ ቃሊቲ ጉምሩክ ላይ የዕቃው ዋጋ፣ መድንና ማጓጓዣ ተደምሮ ሦስት በመቶ ቅድመ ግብር ይከፍላል፤ ከዚያ ያንኑ ዕቃ ለቅርቡ ፋብሪካ ሲሸጥ ሌላ ሦስት በመቶ ይቆረጥበታል። ሁለቱም ይታሰቡለታል። የሚታሰቡት ግን ያው ጥቅምት ላይ ነው።

ሁሉም የሚታሰበው ደግሞ ደረሰኝ ካለ ነው። የተቀናሹ ደረሰኝ የ24,000 ብር ቼክ እንደማለት ነው፤ ከጠፋ ገንዘቡ ጠፋ። በደረሰኙ ላይ መታየት ያለበት የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የአቅራቢው መለያ ቁጥር፣ የኢንቮይሱ ቁጥር፣ ቫት ያልተካተተበት ዋጋና የተያዘው ብር ነው። ገዢው የያዘውን ግብር ሲያስታውቅ የአቅራቢዎቹን ስምና መለያ ቁጥር ይዘረዝራል፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ብሩ መንግሥት ዘንድ ገብቶ ሳለ በአቅራቢው ስም አይገኝም። ለዚህ የሚረዳው አቅራቢው የተያዘበትን በየወሩ ከደረሰኞቹ ጋር ማስተያየቱ ነው፤ ስህተትን ገዢው ፋይሉን ሳይዘጋ ማስተካከል ከዓመት በኋላ ከማስተካከል በእጅጉ ይቀላል። እኔ ብሆን ክፍያውንና የተቀናሹን ደረሰኝ በአንድ ቀን መስጠት በአቅርቦት ውሉ ላይ አስጽፍ ነበር።

የተቀናሹ ተከራካሪዎች ጠንካራው መልስ መረጃ ነው። ገዢው ሲቀንስ የሻጩን ሽያጭ ለገቢዎች ይነግራል፤ ያለዚህ ብዙ ሽያጭ ይሰወራል። እውነት ነው፣ ለኔም ተቀናሹ እንዲቀጥል ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን መረጃው ከመቶኛው ጋር አያድግም። የ800,000 ብር ሽያጭ በ24,000 ብርም በ4,000 ብርም እኩል ይታወቃል፤ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው ያው መለያ ቁጥር፣ ያው ዋጋ ነው። ሌላው መልስ «አቅራቢው ዋጋውን ይጨምር» የሚል ነው። ጨምሮ በጨረታ ላይ ያለደረሰኝ በሚገዛ ተወዳዳሪ መሸነፉን ትተን፣ የጨመረው ዋጋም ሦስት በመቶ ይቆረጥበታል፤ ፋብሪካውም ውድ ላሜራ ገዝቶ ውድ ምርት ይሸጣል። ትርፍ የተያዘው ተመላሽ ይጠየቃል የሚለውም ሕጉ ላይ አለ፤ ሆኖም ለተመላሽ የሚቀርብ ጥያቄ መጣራት ስላለበት ብዙው አቅራቢ ወደሚቀጥለው ዓመት ማዞሩን ይመርጣል። የተዞረ ብር ደግሞ ያው ያልተመለሰ ብር ነው።

ከዕቃ ላይ ያነሰ መያዝ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ህንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ገዢዎች ከዕቃ ግዢ ላይ እንዲይዙ ስታዝ መቶኛውን 0.1 አደረገችው፤ ለሙያ አገልግሎት ግን 10 በመቶ ነው። ኬንያ ከውል ሥራ ሦስት በመቶ ትይዛለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለመንግሥት ተቋማት ዕቃ በሚያቀርቡ ነዋሪዎች ላይ የጣለችው ግን ግማሽ በመቶ ነው። ዩጋንዳ ከእኛ ትከብዳለች፣ ስድስት በመቶ ትይዛለች፤ ግን ግብሩን በወጉ የሚከፍል ነጋዴ ከተቀናሹ ነፃ የሚሆንበት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ለእኛ ከሁለቱ፣ ከዝቅተኛው መቶኛና ከማረጋገጫው፣ አንዱ ይበቃናል። ግማሽ በመቶ ቢሆን ከአቃቂው ላሜራ 4,000 ብር ይያዛል፤ አቅራቢው 916,000 ብር ይቀበላል፣ ገቢዎችም ስለ ሽያጩ ዛሬ የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል፣ ቀሪውን ግብር ደግሞ ጥቅምት ላይ ያገኘዋል።