ክፍል 3ን ብቻ ላነበበው ሰው ማን ያስብለት?

ቴሌግራም ላይ ረጅም ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎች ከተከታታይ ድራማ አንድ መጥፎ ልማድ ወርሰናል። ነገሩን ጫፍ ላይ እናደርስና «ይቀጥላል» ብለን እንቆርጠዋለን። ምክንያቱን ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፦ «አንባቢው ካልጓጓ አይመለስም።»

ድራማ ላይ ይሄ ይሠራል። ተመልካቹ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ጣቢያ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የቴሌግራም ጽሑፍ ግን ይጓዛል። አንድ ሰው ከአምስቱ ክፍሎች የወደደውን አንዱን ፎርዋርድ ያደርገዋል፤ ያ ክፍል ብቻውን የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፣ የእድር ግሩፕ ውስጥ ይገባል። የቻናሉ ስም ከላይ አብሮት ይሄዳል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ክፍሎች ግን አይሄዱም። ኮፒ አድርጎ የለጠፈው ሰው ካለ ደግሞ ስሙም ይቀራል። ቻናሉን ዛሬ የተቀላቀለ አዲስ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ከታች ያለውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ክፍል ነው።

ስለዚህ ልብ ልንለው የሚገባን አንባቢ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነበው ነው። እኛ ግን የምንጽፈው አምስቱንም በተርታ ለሚያነብ ሰው ነው።

ይህ የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። ችግሩ እውነትን ለሁለት መቁረጡ ነው። አንድ የምናውቀውን ጉዳይ እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ዕለት ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ተነሥቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ደረሰ። አሁን ስለዚህ ጉዳይ በአራት ክፍል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እናስብ። ክፍል 3 እንዲህ ብሎ ያልቃል፦

«ዶላር በአንድ ቀን 30 በመቶ ጨመረ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት ነው? የሚያስደነግጠው መልስ በክፍል 4 ይቀጥላል።»

ክፍል 4 ደግሞ «ነገር ግን» ብሎ ይጀምራል። ብዙ ነጋዴ ከዚያ በፊትም ዶላር የሚያገኘው ከ100 ብር በላይ በሚሸጥበት በትይዩ ገበያ ስለነበር፣ የብዙ ዕቃ ዋጋ ቀድሞውኑ በዚያ ተሰልቶ እንደነበር ያስረዳል። መንግሥት ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ጊዜያዊ ድጎማ አደርጋለሁ ማለቱንም ይጨምራል። ጸሐፊው አልዋሸም። አራቱን ክፍሎች በተርታ ያነበበ ሰው ሚዛናዊ ነገር አግኝቷል። ግሩፕ ለግሩፕ የሚዞረው ግን ክፍል 3 ነው። እሱን ብቻ ያነበቡ እናት የሚቀርላቸው «ሁሉም ነገር 30 በመቶ ሊጨምር ነው» የሚለው ድንጋጤ ነው። የጥያቄ ምልክቷን ማንም አያስታውሳትም።

ያንኑ ክፍል ብቻውን እንዲቆም አድርገን እንጻፈው፦

«3/4። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በንግድ ባንክ በ30 በመቶ ጨመረ። ይህ ማለት ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ 30 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ነጋዴ ቀድሞም ዶላር የሚገዛው ከ100 ብር በላይ በትይዩ ገበያ ነበር። ይበልጥ የሚያሰጋው እስከዚያ ቀን በባንክ ዋጋ ይገባ የነበረው ዕቃ ነው፤ ነዳጅና መድኃኒትን የመሰለው። ለእነሱ ድጎማ ይደረጋል ተብሏል። የድጎማው ገንዘብ ከየት ይመጣል?»

ይህ ክፍል የተነሣበትን ጉዳይና ቀኑን ይዟል። አንድ ነገር ተናግሮ ጨርሷል። «ግን» የምትለዋ ቃል ከተናገረው ነገር ጋር እዚያው አለች። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ የተሳሳተ ነገር ይዞ አይሄድም። ሆኖም መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ወደ 4/4 ይስበዋል፤ የሚስበውም የተደበቀ ነገር ስላለ አይደለም፤ የተሰጠው መልስ ራሱ ሌላ ጥያቄ ስለወለደ ነው። ለእኔ በጉጉትና በማታለል መካከል ያለው ልዩነት ይሄ ነው። የዚህን ክፍል መልስ እዚሁ ከፍለህ የሚቀጥለውን ጥያቄ ብታነሣ ጉጉት ነው። የዚህን ክፍል መልስ ለሚቀጥለው ብታስቀረው ግን አንባቢህን በእዳ ይዘኸዋል።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣብኛል። የመጀመሪያው «በየክፍሉ ቀኑንና ጉዳዩን መድገም ተከታዩን ያሰለቻል» የሚል ነው። ድግግሞሹ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቻናሉ ተከታይ በዓይኑ አልፎት ይሄዳል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያጣ የግሩፕ አንባቢ ግን ስለምን እንደሚወራ እንኳ አያውቅም። ደግሞም ማን እንደሚያነበን መገመት የለብንም፤ ቁጥሩ ይናገራል። ፎርዋርድ የተደረገው ጽሑፍ ሲታይ የዋናው ጽሑፍ ዕይታ አብሮ ይቆጠራል። የክፍል 3 ዕይታ ከክፍል 1 በጣም ከበለጠ፣ ያ ክፍል ብቻውን እየዞረ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «አንዳንድ ክርክር አይከፈልም።» እውነት ነው። መደምደሚያው አምስት ማስረጃ ተደራርቦ ካልሆነ የማይቆም ከሆነ አትክፈሉት። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4096 ሆሄ ይፈቅዳል፤ በአማርኛ 700 ቃል ገደማ ይይዛል። ብዙዎቹ ባለ አምስት ክፍል ጽሑፎቻችን ውኃቸው ቢጨመቅ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ያለፈውን ጽሑፍ መተግበሪያው ራሱ ይቆርጠዋል፤ እሱ ደግሞ የሚቆጥረው ሆሄ ነው፣ ሐሳብ አይደለም። መቁረጫውን ቦታ መምረጥ የእኛ ሥራ ነው፦ አንድ አባባልና አባባሉን የሚገድበው «ግን» ከተለያዩ የተቆረጠው በተሳሳተ ቦታ ነው።

በቁጥሩም ላይ አንድ ነገር ልበል። «ክፍል 3» ስንት እንደቀረ አይናገርም፤ «3/4» ይናገራል። ግን «3/4» ለማለት አራቱም ክፍሎች ከመለጠፋቸው በፊት ተጽፈው ማለቅ አለባቸው። ብዙዎቻችን «ይቀጥላል» የምንለው ቀጣዩን ገና ስላልጻፍነው ነው፤ አንዳንዱ ተከታታይ ክፍል 2 ላይ ደርሶ ለዘላለም «ይቀጥላል» እንዳለ የቀረውም በዚሁ ነው። ማስፈንጠሪያውንም ወደኋላ አስሩት፤ ከ2/4 ጀምሮ በየክፍሉ ግርጌ የ1/4ን t.me አድራሻ አስቀምጡ። በኋላ ተመልሳችሁ 1/4 ላይ የቀጣዮቹን አድራሻ ብትጨምሩ ቻናሉ ላይ ያለው ይታረማል፤ ቀድሞ ፎርዋርድ የሆነው ግን እንደነበረ ይቀራል። ስሕተትም እንዲሁ ነው፤ ክፍል 3 ላይ የተሳሳተ ቁጥር ብታርሙ እርማቱ የቤተሰብ ግሩፑ ውስጥ አይደርስም።

ከመለጠፋችሁ በፊት መካከለኛውን ክፍል ብቻ ቻናላችሁን ለማይከታተል አንድ ሰው ላኩለትና «ምን ገባህ?» በሉት። የሚመልስላችሁ ነገር ሙሉውን ጽሑፍ ላነበበ ሰው ሐሰት ከሆነ፣ ቆረጣው ተበላሽቷልና እንደገና ቁረጡት።