የሱቅ ስም የማን ነው?

በጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ውስጥ ሁለት የልብስ ሱቆች አሉ እንበል። «ሰላም ጀፕ ፋሽን» ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ «ሰላምታ ጀፕ ፋሽን» ተከፈተ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከአዲሱ ሱቅ የገዛውን ሱሪ «ቀይሩልኝ» ብሎ ወደ አሮጌው ሱቅ ይዞ መጣ። የአሮጌው ሱቅ ባለቤት ምን ማድረግ ትችላለች?

የተለመደው የመጀመሪያ እርምጃ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ነው። «በዚህ ስም መነገድህን አቁም» ይላል። ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም፤ ሱቅ አያዘጋም። ሆኖም ጉዳዩ ያለ ክስ እንዲያልቅ ዕድል ይሰጣል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ባለሱቁ አስቀድሞ እንደተነገረው ያሳያል።

እኔ ብሆን ከመጻፌ በፊት ስሙን እከፋፍለዋለሁ። «ፋሽን» የሚሸጠውን ዕቃ፣ «ጀፕ» ደግሞ ቦታውን ይናገራል። እነዚህን ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ ያለው «ሰላም» እና «ሰላምታ» ላይ ነው። ስሙ «ጀፕ ፋሽን» ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ደካማ ይሆን ነበር።

ብዙ ሰው «ኩባንያዬን አስመዝግቤያለሁ፣ ስሙ የእኔ ነው» ይላል። በደቡብ አፍሪካ ግን የኩባንያ ምዝገባና የንግድ ምልክት ምዝገባ የተለያዩ ናቸው። ምልክቷን ያላስመዘገበች ነጋዴም ሦስት ነገር ካሳየች ሕግ ሊጠብቃት ይችላል፦ ደንበኞች ሱቋን በስሙ ያውቁታል፣ አዲሱ ስም ያሳስታቸዋል፣ እሷም በዚህ ትጎዳለች።

ታዋቂነት ምን ያህል እንደሚመዝን አንድ የጆሃንስበርግ ክርክር ያሳያል። ማክዶናልድስ በደቡብ አፍሪካ ስሙን ከ1968 ጀምሮ አስመዝግቦ ነበር፤ ግን ለብዙ ዓመታት እዚያ ምግብ ቤት አልከፈተም። በ1993 ጆበርገርስ የተባለ የከተማዋ ድርጅት ስሙን ለራሱ ለማስመዝገብ ጠየቀ። ማክዶናልድስ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፈ። በ1996 ግን በይግባኝ አሸነፈ፤ ሰዎች ስሙን እንደሚያውቁት የሚያሳዩ የገበያ ጥናቶች ማስረጃ ሆኑለት።

ትንሽ ሱቅ ጥናት ማስጠናት አይችልም። ማስረጃው በየቀኑ ይመጣል። ሱሪውን ይዞ የመጣው ደንበኛ ደረሰኝ ፎቶ ይነሳ፤ ቀኑም ይጻፍ። በስህተት የመጣ ዕቃና የስልክ መልእክትም ይቀመጥ።

ከዚያ ደብዳቤው አጭር ሊሆን ይችላል፦ «በዚህ ስም ከዚህ ዓመት ጀምሮ እሠራለሁ። በእነዚህ ቀናት ደንበኞች ተሳስተው መጡ። እባክዎ በ14 ቀን ውስጥ የሱቁን ታፔላና የዋትስአፕ ስሙን ይቀይሩ።» ያልተመዘገበን ምልክት «የተመዘገበ ነው» ማለት ግን በሕግ ያስቀጣል።

አዲሱ ባለሱቅ «እኔ በሌላ ሰፈር በዚህ ስም አሥር ዓመት ሠርቻለሁ» ብሎ ማስረጃ ካመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት «ማን ቀደመ?» ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል።