በአስር ገጽ ውስጥ ያልገባው

«የዓመቱ ባዮሎጂ በአስር ገጽ» የሚል ሾርት ኖት ሲያገኝ ደስ የማይለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማን ነው? ደስታውን አልቃወምም። ግን አስር ገጽ የተባለው በምን ተለክቶ ነው? አዘጋጁ ዘጠኝ ላይ ያላቆመው ወይም አስራ አራት ያላደረሰው ለምንድን ነው? ለፎቶኮፒ እንዲረክስ ከሆነ እሱም ይነገረን።

ሙቀት በኢንዛይም ላይ የሚያደርገውን እንይ። ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ሙቀት ሲጨምር የኢንዛይሙና የሰብስትሬቱ ሞለኪውሎች ፈጥነው ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፣ ሥራውም ይፋጠናል። ምቹው ሙቀት ላይ፣ ለአብዛኞቹ የሰው ኢንዛይሞች 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ፍጥነቱ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ አልፎ ሲሞቅ የፕሮቲኑን ቅርጽ የያዙት ደካማ ትስስሮች ይላቀቃሉ፣ አክቲቭ ሳይቱ ይበላሻል። ዲናቹሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ሾርት ኖቱ ይህን ሁሉ እንዴት አሳጠረው? «ኢንዛይም በ37 ዲግሪ ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ይቆማል።»

ውሸት አለበት? እምብዛም። ታዲያ ለፈተና ይበቃል? ፈታኙ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅስ፦ ከሰው የተወሰደ አንድ ኢንዛይም ለሁለት ናሙና ተከፈለ፤ አንዱ በ4፣ ሌላው በ90 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ 37 ተመለሱ፤ አሁን የትኛው ይሠራል? ኖቱን በቃሉ የያዘው ልጅ «ሁለቱም አይሠሩም» ወይም «ሁለቱም ይሠራሉ» ከሚሉት አንዱን ቢያከብብ ማንን እንወቅሳለን? በኖቱ መሠረት ቅዝቃዜና ሙቀት እኩል ናቸው። በእውነቱ ግን ቅዝቃዜው ሞለኪውሎቹን አዘገየ እንጂ ቅርጻቸውን አላፈረሰም፤ የቀዘቀዘው ናሙና ሲሞቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። በ90 ዲግሪ የቆየው ግን ቅርጹ ስለፈረሰ ቢቀዘቅዝም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የተጣለው ምክንያቱ ነው፤ ፈታኙም የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያበጀው ምክንያቱን የማያውቅ ሰው እንዲመርጣቸው አድርጎ አይደለም?

«የሰው» የምትለዋ ቃልስ የት ገባች? በፍል ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኢንዛይም በ70 ዲግሪ ደህና ይሠራል። «ኢንዛይም ሁሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ይበላሻል» የሚል አማራጭ ቢመጣ፣ ያቺን ቃል የጣለ ኖት በምን ይመክተዋል?

ስለዚህ ሁሉንም እንጻፍ ማለቴ ነው? አይደለም። መጽሐፉ በምሳሌ ላይ ምሳሌ ሲደረድር፣ ያንኑ ነገር በሥዕልም በጽሑፍም ሲደግመው፣ ያ ሁሉ ቢወጣ ማን ይጎዳል? የሙቀቱን ነገር ራሱ ላሳጥረው፦ «ከምቹው በታች፦ ይዘገያል፣ ይመለሳል። ከምቹው በጣም በላይ፦ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ምቹው እንደ ፍጡሩ ይለያያል።» ከአዘጋጁ መስመር በጥቂት ቃላት ነው የሚረዝመው። በእነዚያ ቃላት ግን ሁለቱንም ጥያቄዎች መመለስ ይቻላል። ከዚህ አንድ ሐረግ ቢቀነስ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ መልስ ያጣል። የማጠር ድንበር ከዚህ ሌላ የት ሊሆን ይችላል?

ድንበሩን ለማግኘት ደግሞ ግምት ለምን ያስፈልጋል? ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች በእጃችን አሉ። አንድ ምዕራፍ ከታጠረ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ኖቱን ብቻ ገልጦ እያዩ ጥያቄዎቹን መሥራት ይቻላል። ኖቱ የሚገለጠው ለምን መሰላችሁ? ተዘግቶ ከሆነ ስህተቱ የመርሳት ይሁን የኖቱ ጉድለት አይታወቅማ። ትክክለኛውን ማግኘት ብቻም አይበቃም፤ ሦስቱን የተሳሳቱ አማራጮች ለምን እንደጣልን ከኖቱ ላይ በጣት ማሳየት አለብን። ማሳየት ያቃተን ቦታ ወደ መጽሐፉ ተመልሰን የጎደለውን ሐረግ ብቻ፣ ሙሉውን አንቀጽ ሳይሆን፣ እንመልሳለን። በተቃራኒው፣ ብዙ ጥያቄ ተሠርቶ አንዴም ያልተነካ መስመር እንዲቀነስ ሊታሰብ ይችላል፤ ቢሆንም ፈታኙ ዘንድሮ እሱን ላለመጠየቁ ዋስትና የለም፤ እዚህ ላይ መወሰን የተማሪው ነው።

የኢንሂቢተሩን መስመርም በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ኖቱ «ኢንሂቢተር የኢንዛይምን ሥራ ይቀንሳል» ይላል። ሰብስትሬት ቢጨመር ጉዳቱ የሚቃለለው የትኛው ነው ቢባልስ? አክቲቭ ሳይቱን የሚሻማው ኮምፔቲቲቭ ኢንሂቢተር በሰብስትሬት ብዛት ይሸነፋል፤ ከሌላ ቦታ ተጣብቆ ቅርጹን የሚለውጠው ግን አይሸነፍም። «የሚሻማ፣ ሰብስትሬት ሲበዛ ይሸነፋል፤ የማይሻማ፣ አይሸነፍም» ብሎ መጻፍ ስንት መስመር ይወስዳል?

የአስር ገጹ አዘጋጅ ሆይ፣ ኖትህን ገልጠህ በየትኛው ዓመት ጥያቄ ላይ ሞከርከው? ስንቱንስ መለስክበት?